አንድ ጋቢ፣ አራት ገጽ፦ ብቻችሁን በኦንላይን ስትሸጡ ዋጋችሁ በየቦታው እንዳይለያይ እንዴት እንደሚደረግ

ደሴ ሆኜ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። ሽመናውን የሚሠሩልኝ ሸማኔዎች ናቸው፤ ፎቶ ማንሳቱ፣ መለጠፉ፣ መልስ መስጠቱና ዕቃ መላኩ ግን የእኔው ሥራ ነው። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ አለሁ። በአራቱም የሚመጣው ደንበኛ ጠባዩ ስለሚለያይ አቀራረባችሁን ብትቀያይሩ ማንም አይቀየምም። ዋጋው ሲለያይ ግን ሰው የተታለለ ይመስለዋል።

መጀመሪያ ስሙን አንድ አድርጉ። የመለያ ስም ላይ ቴሌግራም ነጥብ አይቀበልም፣ ፌስቡክ ደግሞ የግርጌ ሰረዝ አይቀበልም። ስለዚህ ከ5 እስከ 24 በሚደርሱ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ቁጥሮች ብቻ ጻፉት፤ በፊደል ይጀምር። በአራቱም ቦታ ያልተያዘ መሆኑን ሳታዩ አንዱንም አትክፈቱ። የገጹ ፎቶና ስልክ ቁጥሩም አንድ ይሁን።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ መለያ ስጡት፦ ጋ7፣ ነ3 እያላችሁ። እኔ በደብተር ላይ መለያውን፣ ልኩን፣ የጥለቱን ቀለም፣ ዋጋውንና ስንት እንደቀረ እጽፋለሁ። ሠላሳ ለማይሞላ ዕቃ ከኮምፒውተር ሠንጠረዥ ደብተር ይሻላል፤ ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ደብተሩ አብሮ አይጠፋም። የቀለም ስምም ከዚያው ከደብተሩ ይወሰድ። አንዱ ጋ "ወይን ጠጅ"፣ ሌላው ጋ "ቀይ" ካላችሁት ደንበኛው ሁለት የተለያየ ጋቢ ይመስለዋል።

አስቸጋሪው ዋጋው ነው። ክር ሲወደድ ጋ7ን ከ2,800 ወደ 3,400 ብር አነሳሁት። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አስተካክዬ ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። በሳምንቱ አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ደውለው "ልጄ፣ እኔ ያየሁት 2,800 ይላል" አሉኝ። ያዩት ፎርዋርድ የተደረገ አሮጌ ጽሑፍ ነበር። ቃሌ ነውና በ2,800 ሰጠኋቸው። በዚያው ወር አምስት ሰው ደግሞ ቲክቶክ ላይ በራሴ ድምፅ "2,800 ብር" ያልኩበትን ቪዲዮ ይዞ መጣ። ለእነሱም እንዲሁ ሰጠሁ፤ በስድስቱ 3,600 ብር ጎደለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብታርሙት፣ ቀድሞ ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አይታረምም። ቲክቶክ ላይ የወጣ ቪዲዮ ውስጥ የተነገረን ቃልም መለወጥ አይቻልም፤ ያላችሁ ምርጫ መደበቅ ወይም ማጥፋት ነው፤ ስታጠፉት ደግሞ ተመልካቹና ኮሜንቱ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ሙሉውን የዋጋ ዝርዝር ቴሌግራም ቻናላችሁ ላይ በአንድ መልእክት ጻፉና ፒን አድርጉት። ያንን መልእክት ብታርሙትም ሊንኩ ስለማይቀየር ለጠየቀ ሁሉ ሊንኩን ስጡ። ቪዲዮ ላይ ዋጋ በአፋችሁ አትጥሩ፣ በጽሑፍም አትለጥፉ፤ "ጋ7" ማለት ይበቃል። ዋጋውን ከቪዲዮው ሥር በራሳችሁ ኮሜንት ጽፋችሁ ፒን አድርጉት፤ ሲቀየር ያንን አጥፍታችሁ አዲስ ትጽፋላችሁ።

ፌስቡክ ላይ ሰው "ዋጋ?" ብሎ ሲጠይቅ "በውስጥ መስመር" የሚለው መልስ ያስከፋዋል፤ ልክም ነው። እዚያው በግልጽ መልሱ፣ ግን ቀን አስገቡበት፦ "ጋ7፣ 3,400 ብር፣ እስከ ጥቅምት 30"። የቴሌግራም ጽሑፍ ላይም እንዲሁ። ቀን ያለው ጽሑፍ የትም ቢዞር ከቀኑ በኋላ አያስጠይቃችሁም። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች ካሏችሁ "ኖቬምበር 9" ብላችሁ ጨምሩበት፤ ሰዓትም ስትጽፉ "ጠዋት 3 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር" በሉ። አለበለዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይደውሉላችኋል።

ዋጋ ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉ ደብተሩ፣ ፒን የተደረገው ዝርዝር፣ ከዚያ ሌሎቹ ነው። ዕቃው ሲያልቅም ጽሑፉን አታጥፉት፤ መጀመሪያው መስመር ላይ "አልቋል" ብላችሁ ጻፉ።

ከዚህ በኋላ አቀራረቡን እንደየቦታው ልቀቁት። ለጋ7 ቲክቶክ ላይ የሸማኔውን እጅና የመወርወሪያውን ድምፅ ሃያ ሰከንድ ያህል አሳያለሁ። ቴሌግራም ላይ ሦስት ፎቶ፣ ልክ፣ ዋጋና የመላኪያ ሁኔታ፤ ወሬ አላበዛም። ፌስቡክ ላይ ጥለቱ ስንት ቀን እንደፈጀ እተርካለሁ። ኢንስታግራም ላይ ጥለቱን ከቅርብ አነሳለሁ። አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ አራቱም ጋ የሚለጥፉ መተግበሪያዎችን አልወዳቸውም። ኢንስታግራም ላይ ከፎቶው ሥር የተጻፈ ሊንክ ሲነኩት አይከፍትም፤ "ሊንኩን ንኩ" የሚለው ጽሑፍ እዚያ ሲለጠፍ ሰውን በከንቱ ያደክማል። የመላኪያው ቃል ብቻ ከደብተር ተገልብጦ በአራቱም አንድ ይሁን።

ዓርብ ማታ የእህቴን ስልክ ተውሼ እንደ ደንበኛ አራቱንም ገጽ እከፍታለሁ። አንድ መለያ መርጬ በየገጹ እፈልገዋለሁ፤ ዋጋው፣ ቀለሙና ቀኑ ከደብተሬ ጋር ካልገጠመ ሳልተኛ አስተካክላለሁ።