በስልክ ስብሰባ ላይ ስምዎ ለምን አይሰማም? ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ ከደብረ ማርቆስ በሚጠራ የስልክ ስብሰባ ላይ ከየወረዳው ለሚገቡ ባልደረቦችና ስብሰባውን ለሚመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ባትሪ መሙላት፣ ኔትወርክ ያለበትን ቦታ መፈለግ፣ በሰዓቱ መግባት የታወቁ ስለሆኑ አላነሣቸውም። የማነሣው መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሪፖርቱም ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ የተናጋሪው ማንነት ብቻ የሚጠፋበትን ችግር ነው። ፊት ለፊት ብንሆን ኖሮ ቃለ ጉባኤ ያዡ ቀና ብሎ አይቶ ይጽፍ ነበር፤ በድምፅ ብቻ ሲሆን ግን የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ካመለጠች ተናጋሪው እስከ መጨረሻው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ምልክት፦ ተናጋሪው ስሙን ተናግሯል፣ ማንም ግን አልሰማውም

ደጋግሜ የማየው ብልሽት ይህ ነው። ሰብሳቢው «ቀጣይ» ይላል፤ አንድ ድምፅ ይመጣል፤ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት በዝርዝር ይናገራል፤ ሲጨርስ «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» ተብሎ ይጠየቃል። ተናጋሪው «ቅድም ተናገርሁ እኮ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ስሙን ተናግሯል፣ ነገር ግን ንግግሩን የጀመረው በስሙ ስለሆነ የተበላው ስሙ ነው።

የስልክ ስብሰባ የንግግር መነሻን ይበላል። አንደኛው ምክንያት በስፒከር የተከፈተ ተራ ስልክ ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ በአንድ ቅጽበት የሚያሳልፈው የአንዱን ወገን ድምፅ ብቻ ነው፤ የሰብሳቢው «ቀጣይ» የሚለው ቃል ገና እየወጣ ሳለ እርስዎ ከጀመሩ፣ ስልኩ አቅጣጫውን እስኪቀይር ድረስ የመጀመሪያው ቃልዎ ይጠፋል። ሁለተኛው ምክንያት የስብሰባው መስመር ራሱ ነው። ብዙ ሰው በገባበት ስብሰባ የሁሉም ጫጫታ እንዳይደባለቅ ሲባል መስመሩ ዝም ያለውን ሰው ይዘጋና ድምፅ ሲሰማ ይከፍተዋል፤ ድምፁ ንግግር መሆኑን እስኪለይ ድረስ የቃሉ መነሻ ያልፋል። ሦስተኛው ተናጋሪው ራሱ የሚያመጣው ነው፤ ሚዩት የሚለውን ቁልፍ እየነካ አብሮ መናገር ይጀምራል።

ችግሩ የኔትወርክ ድክመት ነው ወይስ የመነሻ መበላት የሚለውን ለመለየት ተናጋሪው ጥቂት ሰከንድ ዝም ካለ በኋላ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብሎ እንዲቆጥር ያድርጉ። ኔትወርኩ ከደከመ መቆራረጡ መሐል ላይም መጨረሻ ላይም ይታያል። መነሻው እየተበላ ከሆነ ግን ከ«ሁለት» ጀምሮ ያለው በሙሉ ንጹሕ ሆኖ ይሰማል፣ የሚጎድለው «አንድ» ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ኮረብታ ላይ ይቆማል፣ ሲም ካርድ ይቀይራል፤ ይህ ሁሉ ለዚህኛው ችግር አንዳች አይረዳም።

መፍትሔው የዐረፍተ ነገሩን ቅደም ተከተል መቀየር ነው። ቁልፉን ከነኩ በኋላ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆዩ። ከዚያ ቢጠፋ የማይጎዳ ቃል ያስቀድሙ፤ ለዚህ «ጤና ይስጥልኝ ሰብሳቢ» ይበቃል። ቀጥሎ ያሉበትን ከተማ፣ ከዚያ ስምዎን ከነአባትዎ ይናገሩ፣ በሥራ ድርሻዎ ይጨርሱ። ስሙ መጨረሻ ላይም መሆን የለበትም፤ ሰው ዐረፍተ ነገር ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ ያደርጋልና በጫጫታ መሐል የመጨረሻው ቃልም ይደበዝዛል። ስለዚህ የስሙ ቦታ መሐል ነው። ለምሳሌ በወሰድሁት ስም እንዲህ ይሆናል፦ «ጤና ይስጥልኝ ሰብሳቢ፤ የምናገረው ከቢቸና ነው፤ ደበበ ይሁኔ እባላለሁ፤ የግብዓት ባለሙያ ነኝ።» እስከ አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ መነሻው ቢበላ የሚጠፋው ሰላምታው ብቻ ነው።

የወረዳ ስም ጉዳይ

ይህን ለብቻው የማነሣው የእኛ አገር የተለየ ችግር ስለሆነ ነው። በምሥራቅ ጎጃም እነማይ አለ፣ እናርጅ እናውጋ አለ፣ እነብሴ ሳር ምድር አለ፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ አለ፣ ሁለት እጁ እነሴም አለ። ፊት ለፊት ሲነገሩ ማንም አያምታታቸውም። በስልክ ግን የሦስቱ መነሻ አንድ ዓይነት ሆኖ ያን መነሻ መስመሩ ይበላዋል፤ የሁለቱ ደግሞ መጨረሻቸው አንድ ነው። «...ሴ ወረዳ» የሚል ድምፅ ብቻ የደረሰው ጸሐፊ ምን ይጻፍ?

በአንድ ስብሰባ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ስማቸው ከሚመሳሰል ከእነዚህ ወረዳዎች የሁለቱ ተወካዮች ተከታትለው ተናገሩ። የመጀመሪያው የወረዳውን ስም በመነሻው ላይ ተናግሮ ግማሹ ተበላ፤ ሁለተኛው ደግሞ «እኛም እንደዚሁ ነን» ብሎ ጀመረ። ቃለ ጉባኤው ሲጻፍ የሁለቱም ዳፕና ዩሪያ ቁጥር በአንድ ወረዳ ስም ሥር ገባ፤ ሌላኛው ወረዳ ሪፖርት ያላቀረበ ተብሎ ተመዘገበ። ስሕተቱ የታወቀው ሪፖርት አላቀረባችሁም የሚለው ማሳሰቢያ ሲደርሳቸው ነው፤ ለማስተካከልም ሁሉም ቁጥሩን በጽሑፍ እንደገና መላክ ነበረበት። እርሻው በተቃረበበት ወቅት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መፍትሔው የወረዳውን ሳይሆን የዋና ከተማውን ስም ማስቀደም ነው። ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡ ለማርያም፣ ግንደ ወይን፣ ሞጣ፤ ከእነዚህ ማንኛውም ከሌላው ጋር አይምታታም። «ከግንደ ወይን፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ» ቢባል የወረዳው ስም ግማሹ ቢጠፋ እንኳ ከተማው ያድነዋል። ስብሰባ የምትመሩም በዝርዝራችሁ ላይ ከተማውን ከወረዳው ጎን ጻፉ፤ ተራም ስትሰጡ በከተማው ጥሩ። «ቀጣይ» የሚለውን ቃል ግን ተዉት። ሁለት ሰዎች እኩል እንዲጀምሩና ሁለቱም እኩል እንዲያቆሙ የሚያደርገው እሱ ነው፤ በመስመሩ መዘግየት የተነሣ አንዱ የሌላውን መጀመር ወዲያው አይሰማም።

ምልክት፦ ስሙ ተሰምቷል፣ የተጻፈው ግን ሌላ ስም ነው

ተራ የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። «ስ» እና «ፍ» የሚለዩበት ድምፅ አብዛኛው ከዚህ በላይ ስለሆነ በስልክ ይቀራረባሉ። ታደሰና ታደለም በደካማ መስመር ላይ በቀላሉ ይምታታሉ። አበበና ደበበ ደግሞ የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ስለሆነ መነሻው ከተበላ ልዩነት የላቸውም።

ጮክ ብሎ መድገም አይረዳም፤ መስመሩ የቆረጠውን ድምፅ ጩኸት አይመልሰውም፤ ማይኩን ያስጮኸዋል እንጂ። ፊደሉን በታወቀ ቦታ ስም ያስረዱ፦ «ደበበ፣ ደጀን በሚለው ደ።» የአባት ስምም አይተው፤ የራስ ስም ቢደበዝዝ ጸሐፊው ከአባት ስም ጋር አገናኝቶ ከዝርዝሩ ያገኘዋል። ዳግመኛ ሲናገሩም በየጊዜው «ሰብሳቢ፣ ከቢቸና ደበበ ነኝ» ብለው ይጀምሩ። «እኔ ነኝ» የሚለው መልስ ለቤተሰብ ስልክ ይሁን፤ ብዙ ሰው ባለበት መስመር ላይ ሰዓት ከማጥፋት ሌላ ጥቅም የለውም። ድምፄን ያውቁታል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው፤ ጠባብ መስመር የሁሉንም ድምፅ ያቀራርበዋል።

ምልክት፦ ሰብሳቢው በምን ቃል እንደሚጠራ ግራ ይገባዋል

ደስታ፣ ፀሐይ፣ ስንታየሁ የወንድም የሴትም ስም ናቸው። ፊት በማይታይበት ቦታ፣ ድምፁም በመስመሩ ሲጠብ፣ «ቀጥል» ይባል ወይስ «ቀጥይ» አይታወቅም፤ በቃለ ጉባኤውም አቶ ወይስ ወይዘሮ ተብሎ እንደሚጻፍ አይታወቅም። ሰብሳቢው «ይቀጥሉ» ካለ አክብሮቱም ይጠበቃል፣ ጾታም አይለይምና ካልተነገረው በቀር ሁሉንም በአንቱታ ይጥራ። ተናጋሪዎችም «ወይዘሮ ደስታ እባላለሁ»፣ «ሲስተር ፀሐይ ነኝ» ብላችሁ ተናገሩ። ራስን በማዕረግ መጥራት በእኛ ባህል ኩራት ስለሚመስል ብዙዎች ይተዉታል፤ እዚህ ላይ ግን ሰሚው የሚያስፈልገውን መረጃ መስጠት ስለሆነ አትፈሩት።

ምልክት፦ ከአንድ ስልክ ብዙ ሰው፣ የሚሰማው ግን አንዱ ብቻ

አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ስልክ መሐል ያስቀምጣሉ። ለስልኩ የቀረበው ሰው ይሰማል፤ ሌሎቹ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገሩ ይመስላሉ። ከሁሉም የከፋው ቅርብ ያለው ሰው «ከእኔ ጋር አቶ እገሌና አቶ እገሌ አሉ» ብሎ ሲያስተዋውቅላቸው ነው፤ የድምፃቸውን መለያ ማንም አልሰማምና በኋላ ሲናገሩ ማን መሆናቸው አይታወቅም። እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ፣ ስልኩን ወደ ራሱ አቅርቦ፣ ተራ በተራ ይናገር። ስልኩ ይዙር እንጂ ሰው አይንጠራራ። ማይኩ ከታች በኩል ስለሆነ በወረቀትና በደብተር ላይ አታስተኙት።

በርካሽ የሚሸጠውን የጆሮ ማዳመጫ በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፤ አይግዙት። ማይኩ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ከጋቢና ከኮት ኮሌታ ጋር ይፋተጋል፤ መፋተጉን መስመሩ ንግግር ነው ብሎ ይከፍትለታል፤ በዚህም የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ሰው ስም ያስበላል። ሌላ ከሌለ ስልኩን በእጅ ይዞ በጆሮ መናገር ይሻላል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ስምም የአባት ስምም አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች ከገቡ የአያት ስም ወይም ከተማ ይጨመር። ዘግይቶ የገባ ሰው ንግግር አቋርጦ ራሱን አያስተዋውቅ፤ ተራው ሲደርስ ይናገር። ጠዋት የመሰንበቻ ሰላምታው ከረዘመ ሰብሳቢው ለሁሉም አንድ ጊዜ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ስም ጥሪ ይግባ። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ መስመሩ የዝናቡን ድምፅ ከንግግር አይለየውምና ሚዩት አድርገው ይቆዩ፤ ተራዎ ከደረሰም ስምዎንና ከተማዎን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለቃለ ጉባኤ ያዡ ልከው፣ ሪፖርቱን ዝናቡ ሲያባራ ያቅርቡ።