ለቤት ብድር የደመወዝ ማረጋገጫ ከውጭ አሠሪ ሲጠየቅ

ውጭ አገር እየሠራችሁ ባሕር ዳር ቤት ለመግዛት ከባንክ ብድር ስትጠይቁ ፋይሉን ከሚያጓትቱት ወረቀቶች አንዱ የአሠሪያችሁ ደብዳቤ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ «እገሌ እዚህ ይሠራል» የሚል ሁለት መስመር ጽፎ ይሰጣችኋል፤ ብድር ክፍሉ ግን ከዚያ ላይ የወር ገቢ ማስላት አይችልም። ስለዚህ የሚጻፈውን ዘርዝራችሁ ጠይቁ፦

«ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ባንክ ለቤት ብድር የማቀርበው ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ሙሉ ስሜ በፓስፖርቴ ላይ እንዳለው፣ የተቀጠርኩበት ቀን፣ የሥራ መደቤ፣ ቋሚ መሆኔ፣ የዓመትና የወር ደመወዜ ከግብር በፊትና በኋላ ይገለጽ። የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና ስልክም ይኑርበት።»

የወሩን መጠን ለምን? አሜሪካ ውስጥ በሰዓት 22 ዶላር እያገኘ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው እንውሰድ። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው 1,760 ዶላር ነው። ባሕር ዳር ያለው የባንኩ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀቱን አይቶ በሁለት ቢያባዛው 3,520 ይሆናል። ነገር ግን ክፍያው በዓመት 26 ጊዜ ስለሆነ ድምሩ 45,760፣ የወሩ አማካይ ደግሞ 3,813 ገደማ ነው። በወር 293 ዶላር የሚጠጋ ገቢ በዝምታ ጠፋ ማለት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ካለ ከመደበኛው ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ይጻፍ።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። በፓስፖርቱ ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ የደመወዝ መዝገቡ ግን የአባትን ዘልሎ የራስንና የአያትን ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል። ባንኩ ሁለቱን ሲያስተያይ ሌላ ሰው ሊመስለው ይችላል። ደብዳቤው ላይ ሦስቱም ስም ይስፈር፤ መዝገቡን ማስተካከል ካልተቻለ «በመዝገባችን እገሌ ተብሎ የሚታወቀው» የሚል ሐረግ ይጨመርበት።

ማኅተም አምጡ ስትባሉ አትደናገጡ፤ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ ክብ ማኅተም የለውም። የድርጅቱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ በእጅ ተፈርሞ፣ ፊርማው በኖተሪ ፊት ይረጋገጣል። ኖተሪው የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነት እንጂ የደመወዙን ልክነት ስላልሆነ፣ መቅረብ ያለበት ፈራሚው ራሱ ነው፤ እናንተ ወረቀቱን ይዛችሁ ብትሄዱ ዋጋ የለውም። ሠራተኛን የማረጋገጡን ሥራ ለሌላ ድርጅት የሰጡ ትልልቅ ኩባንያዎች ደግሞ ፊርማ የሌለው የኮምፒውተር ወረቀት ይልካሉ፤ እንዲህ ከሆነ የቅርብ አለቃችሁ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁ፣ ባንኩ ይህን ይቀበል እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ።

ባንኩ የኤምባሲ ማረጋገጫ ከፈለገ ወረቀቱ ከኖተሪ በኋላ በክፍለ ግዛቱና በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አልፎ ነው ኤምባሲው የሚደርሰው። በዚህ መንገድ ከሄደ በኋላ አንድ ፊደል ቢሳሳት እንደገና ከኖተሪ መጀመር ነው። ስለዚህ ሳይፈረም ረቂቁን ፎቶ አንስታችሁ ባሕር ዳር ላለው ወንድም ወይም እህት ላኩ፤ ቅርንጫፉ ሄዶ ለብድር ሠራተኛው ያሳየውና «ይሄ ይበቃል» ሲባል ብቻ አስፈርሙ።