ሺፍት ሲጀመር የተከመረ ቲኬት፦ ቅደም ተከተሉን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው እንበል። ሐዋሳ ውስጥ ለተለያዩ ድርጅቶች የኮምፒውተርና የኔትወርክ ድጋፍ የሚሰጥ ሄልፕዴስክ ላይ ገብታችኋል። አብዛኛው ከቅዳሜ ጀምሮ የተከማቸ 38 ቲኬት ይጠብቃችኋል። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ መጥቷል። ስልኩም መጮህ ጀምሯል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ከላይ ያገኙትን ከፍቶ መሥራት መጀመር

የመጀመሪያው ቲኬት ቀላል ይመስላል። ፓስወርድ መቀየር ብቻ ነው። ቀጣዩም እንደዚያው። ሦስቱን ስትጨርሱ ግማሽ ሰዓት ሄዷል፤ ከታች ያለውን ግን ማንም አላየውም። የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ለማንበብና ለመደርደር ብቻ ተጠቀሙባቸው። «ይቺን ብቻ» የሚባል ነገር አይኑር።

«አስቸኳይ» የሚለውን ቃል ማመን

ፎርሙ ላይ የአስቸኳይነት ደረጃውን የሚመርጠው ደንበኛው ነው። ታዲያ ማን ነው «የኔ ይቆይ» የሚለው? አንዱ ቲኬት «በጣም አስቸኳይ!!!» ይላል። ሲከፈት፣ የአንድ ሥራ አስኪያጅ ፕሪንተር ከለር አላትም ብሎ ነው። ጥቁርና ነጩ ይሠራል፤ ጎን ያለው ቢሮም ሌላ ፕሪንተር አለ። ሌላው ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል የመጣ ነው። «ፕሪንተሩ ትንሽ አስቸግሮናል፣ ሲመቻችሁ ብታዩልን» ይላል። ፕሪንተሩ የእንግዳ መቀበያው ነው፤ የሂሳብ ወረቀት አይወጣም ማለት ነው። ሲጠየቁ፣ ሥልጠና ላይ የሰነበቱ እንግዶች ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሂሳብ ዘግተው ይወጣሉ። እንዲህ በትህትና የሚጽፍ ደንበኛ ነው እኔን የሚያሰጋኝ።

እያንዳንዱን ቲኬት አራት ነገር ጠይቁት። ምን ሥራ ቆመ? ስንት ሰው ላይ? እስከ ስንት ሰዓት ቢደርስ ጉዳት የለውም? እስከዚያው ሌላ መላ አለ? መልሱ ቲኬቱ ላይ ከሌለ፣ አንድ ደቂቃ ደውሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የደንበኛው ስም ትልቅ መሆኑ ግን ከአራቱ ውስጥ የለበትም።

ዕድሜን በተፈጠረበት ቀን ብቻ መቁጠር

አንዳንዱ አሮጌውን ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ትኩሱን። ሁለቱም ብቻውን አያዋጣም። የ9 ቀን ቲኬት ደንበኛው መልስ ሳይሰጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ማስታወሻ መላክ ይበቃዋል። የ2 ቀኑ ደግሞ ለደንበኛው ቃል የተገባለት ሰዓት ሊያልፍ አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከተፈጠረበት ቀን ይልቅ የቀረውን ሰዓት እዩ።

ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ጥግ አለች፤ የደንበኛው መልስ የሚጠበቅባቸው ቲኬቶች የሚገቡባት `Pending`። ብዙ ሲስተሞች ላይ ቲኬት እዚያ ሲገባ ሰዓት መቁጠሩ ይቆማል። ደንበኛው እሁድ ማታ መልስ ቢልክና ሲስተሙ በራሱ ወደ `Open` እንዲመልሰው ካልተስተካከለ፣ ቲኬቱ እዚያው ይተኛል። ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ሰላም ነው፤ ደንበኛው ግን እየጠበቀ ነው። ጠዋት ጠዋት የመጨረሻው መልእክት ከደንበኛው የሆነባቸውን `Pending` ቲኬቶች ለብቻ አውጡ።

ቀላል የሚባሉትም በየቀኑ ሌላ ከቀደማቸው ተራ አይደርሳቸውም። ከነሱ በዕድሜ የገፉትን ሁለቱን በየሺፍቱ ጨርሱ።

አንዱን ችግር ሰባት ጊዜ መቁጠር

ከ38ቱ ስምንቱ «ኢንተርኔት የለም» ይላሉ። ሁሉም አቶቴ አካባቢ ካለ አንድ ሕንፃ የመጡ ናቸው። ሰባቱ የተላኩት ቅዳሜ መብራት በተመለሰ በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው። እነዚህ ባንድ ዋና ቲኬት ሥር ይታሰሩ፤ መልእክቱም አንዴ ለሁሉም ይላክ። አለበለዚያ ሁለት ባልደረቦች አንዱን ብልሽት ለየብቻ ሲያሳድዱ ይውላሉ።

ስምንተኛው ግን እሁድ ጠዋት ነው የመጣው፤ የሚለውም «አንድ ክፍል ብቻ ነው የማይሠራው» ነው። እሱን ከነዚያ ጋር ማሰር ስህተት ነው። መስመሩ ሲመለስ አብሮ ይዘጋና፣ የዚያ ክፍል የኔትወርክ ስዊች ተቃጥላ ከሆነ እንዳለች ትቀራለች። ሰባቱም ቢሆኑ እያንዳንዱ ቢሮ ሠርቶለት እንደሆነ ሳይጠየቅ አይዘጉ።

እንግዲህ የዚያ ጠዋት ተራ ይኸው። ሕንፃው ውስጥ 2፡30 ላይ የሚከፍት የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ሰው ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ሊባል ነው። ቴክኒሻኑ መንገድ ስለሚፈጅበት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው፤ የስምንተኛውን ቲኬት ክፍል ስዊችም እግረ መንገዱን ያያል። እሱ እየሄደ ሆቴሉን በስልክ መርዳት ይቻላል። ቀጥሎ ሰዓቱ ሊያልፍ የደረሰው የ2 ቀኑ ቲኬት ነው። ከለር ፕሪንተሩ ከሰዓት ይታያል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ይህንን አሁኑኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ይነገራቸው። ካልተነገራቸው ሁለተኛ ቲኬት ይከፍታሉ፤ ቃለ አጋኖውም ይበዛል።