በሩ አልያዝ ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የቁልፉ አይደለም

ባለፈው አዘዞ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። እትዬ ገና ሳልገባ "ቁልፉ ተበላሽቷል፣ አዲስ ገዝቼ ጠበቅኩህ" አሉኝ። እውነትም አዲሱ ቁልፍ ከነካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የመኝታ ቤቱን በር ገፋ ሳደርገው ነጥሮ ተመለሰ። እጀታውን ይዤ በሩን ወደ ላይ ቀና እያደረግኩ ስገፋው ግን ቀጭ ብሎ ያዘ። "እትዬ፣ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ የገዙትን ይመልሱት" አልኳቸው። አላመኑኝም። እኔም አልፈርድባቸውም፣ ስንቱ ሰው እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ በየቤቱ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። የማወራው ስለ ቤት ውስጥ የእንጨት በር ነው። ምላስ የምለው እጀታውን ስትጫኑት የሚገባውን፣ አንድ ጎኑ የተዛነፈውን ብረት ነው። መቀበያ የምለው ደግሞ መቃኑ ላይ የተመታችውን ባለ ቀዳዳ ብረት ነው።

ሳያዩ ሞረድ ማንሳት። ምላሱ የት እየመታ እንደሆነ ሳታውቁ መቀበያውን መሞረድ በጨለማ መላጨት ነው። ምላሱን በጠመኔ ወይም በሊፕስቲክ ቀቡት፣ እጀታውን ሳትነኩ በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉ፣ ከዚያ ክፈቱና መቀበያው ላይ የቀረውን ምልክት እዩ። ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ካረፈ በሩ ወርዷል። ከፍታው ልክ ሆኖ ወደ ጎን ከቀረ ደግሞ በሩ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም፣ ወይም መቀበያዋ ወደ ውስጥ በዝታለች። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ማጠፊያውን መርሳት። እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ መቀበያው ነው። ይሞርዳል፣ በመሮ ይፈለፍላል፣ ቀዳዳዋን እንደ ቦርሳ አፍ ያሰፋታል። በሩ ለሁለት ወር ይይዛል። ከዚያ እንደገና ይወርዳል፤ ምክንያቱም የሚወርደው በሩ ነው፣ መቀበያው ከቦታው አልተነቃነቀም! የበር ክብደት በብዛት የሚጎትተው የላይኛውን ማጠፊያ ነው። የእሱ ብሎኖች ሲላሉ በሩ በእጀታው በኩል ያዘነብላል። ለማወቅ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ እጀታውን ወደ ላይ ቀና አድርጉት። ማጠፊያው መቃኑ ላይ ላልቶ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ አገኛችሁት። ሌላም ምልክት አለው፤ በእጀታው በኩል በሩና መቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ይጠብባል፣ ከታች ይሰፋል።

የእትዬም በር ይኸው ነበር። የላይኛው ማጠፊያ ከሦስቱ ብሎኖች ሁለቱ በካቻቪቴ ሲዞሩ አይጠብቁም፣ እዚያው ይሽከረከራሉ። እንጨቱ ውስጡ ተበልቷል ማለት ነው። ከበሩ ስር የታጠፈ ካርቶን ሸጉጬ ክብደቱን አስያዝኩ። ሁለቱን ብሎኖች አወጣሁ። ጫፋቸው የተቆረጠ የክብሪት እንጨቶች በእንጨት ኮላ ነክሬ እስኪጠብቅ ድረስ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ የተረፈውንም ከፊቱ ጋር አስተካክዬ ቆረጥኩ። "በሉ እትዬ፣ ነገ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ በሩን እንዳትነኩት" ብዬ ሄድኩ። ኮላው ሳይደርቅ ብሎን መመለስ ልፋትን መድፋት ነው። በማግስቱ ብሎኖቹን መልሼ ሳጠብቃቸው በሩ ተነሳ። የመጀመሪያ ቀን ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነበር፤ አሁን ግማሽ ሚሊ እንኳ አልቀረውም። ያኔ ነው ሞረድ ያነሳሁት። የቀዳዳዋን የታችኛውን ጠርዝ ስድስት ሰባት ጊዜ ሞረድኩ፣ አለቀ። ቁልፉም ወደ ሱቁ ተመለሰ።

በክረምት መቀበያ ማንቀሳቀስ። ይህን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። ነሐሴ ላይ ነው፣ የጎንደር ዝናብ ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ማራኪ አካባቢ አንድ ደንበኛ በሩ አልያዝ ብሎት ጠራኝ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፣ ጥቂትም ተጣሟል፤ ስለዚህ ሲዘጋ ከሚያርፍበት የመቃን ጠርዝ ጋር አይገጥምም፣ ምላሱም ቀዳዳው ጋ አይደርስም። እኔ ብልጡ መቀበያዋን ሦስት ሚሊ ያህል ወደ በሩ አመጣሁለት። ያዘ፣ ተመሰገንኩ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ለጥምቀት ሰሞን ስልክ ተደወለ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ እንጨቱ ደርቆ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ በሩ ደግሞ ነፋስ በነካው ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ይንገጫገጫል። "እንግዶቼን እንቅልፍ ከለከልካቸው" አለኝ። ምን ልበል? ከዚያ ወዲህ በክረምት ብቻ የሚያስቸግር በር ሲገጥመኝ፣ የሚቻል ከሆነ እስከ ኅዳር አስታግሳለሁ። የማይቻል ከሆነም ጠርዟን በጥቂቱ እሞርዳለሁ እንጂ መቀበያዋን አልነቅልም።

ለሚንገጫገጭ በር ወረቀት መጠቅጠቅ። በሩ ይይዛል፣ ግን ተዘግቶም ወደፊትና ወደኋላ ይጫወታል። ይህ ማለት ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ ትርፍ ቦታ አለው። ወረቀቱ ሲወድቅ ችግሩ እዚያው ነው። በሩን ዝጉና እጀታውን ሳታዞሩ ወደ መከፈቻው አቅጣጫ ሳቡት። በሩና በሚያርፍበት ጠርዝ መካከል የሚታየው ክፍተት ነው ትርፉ። አንዳንዷ መቀበያ ቀዳዳዋ ውስጥ ትንሽ የብረት ከንፈር አላት። ያለቻችሁ እድለኞች ናችሁ፤ በካቻቪቴ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ አጥፏት፣ ዝጉና ሞክሩ፣ ካልበቃ ጨምሩ። ከሌለች መቀበያዋን በዚያ ክፍተት ልክ በሩ ወደሚያርፍበት ጠርዝ ማስጠጋት ነው። አንድ ሚሊ ያህል ግን ተዉለት። ፍጹም ካጠበቃችሁት በሚቀጥለው ክረምት አይይዝም። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ጠርዙ ላይ ቀጭን ስፖንጅ መለጠፍም ይበቃል፤ እኔ አላፍርበትም።

አሮጌውን ቀዳዳ ሳይደፍኑ አጠገቡ መብሳት። መቀበያዋን ሁለት ሚሊ ብቻ ስታንቀሳቅሱ አዲሱ የብሎን ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር ይገናኛል። ብሎኑ ሲጠብቅ እያንሸራተተ ወደ ድሮ ቦታው ይመልሳታል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ጋሼ፣ አስተካክዬ ነበር እኮ!" ይለኛል። አዎ አስተካክለሃል፣ ብሎኑ ነው የመለሰብህ። በክብሪትና በኮላ ድፈኑ፣ ሲደርቅ በቀጭን መብሻ ብሱ። መቀበያዋ የተኛችበትን ጎድጓዳም በምትሄድበት በኩል በመሮ አስፉላት፣ ካልሆነ ጠርዙ ላይ ትንጠለጠላለች። መጀመሪያ አንድ ብሎን ብቻ አስራችሁ በሩን ደጋግማችሁ ዝጉ፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ነው።

ቁልፉን ሳያዞሩ መሄድ። እዚህ አገር የምንገጥመው አብዛኛው መቀበያ ሁለት ቀዳዳ አለው። የላይኛው ለምላሱ፣ የታችኛው በቁልፍ ለሚወጣው ብረት ነው። አንዱን ስታንቀሳቅሱ ሌላውም አብሮ ይሄዳል። በሩ ክፍት ሳለ ቁልፉ ልስልስ ብሎ እየዞረ ሲዘጋ ብቻ ከከበደ የታችኛው ቀዳዳ ጠቧል፤ በዚያው ሞረድ ትንሽ አስፉት። ይህንንም ከክፍሉ ውጭ ሆናችሁ ሞክሩ። አንድ ጊዜ ውስጥ ሆኜ ቆልፌ ሞክሬ፣ አልከፈት ብሎኝ የባለቤቱ ልጅ በመስኮት ፒንሳ አቀብሎኛል።