የማሳ ስፋት ከጋምቤላ እስከ ጎዴ ሲለካ ለምን አይገጥምም? ችግርና መፍትሄ

ኢትዮጵያ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በግምት ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ኬንትሮስ ትዘረጋለች። በዚህ ምክንያት ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ፕሮጀክሽን አከፋፈል አገሪቱ 36፣ 37 እና 38 በሚባሉት ሦስት ዞኖች ላይ ታርፋለች። የአንድ ወረዳን ማሳ ብቻ የሚለካ ባለሙያ ይህን ላያስተውለው ይችላል። የጋምቤላን፣ የቢሾፍቱን እና የጎዴን ማሳዎች በአንድ ሠንጠረዥ አስገብቶ በሄክታር የሚደምር ሰው ግን ከታች የተጻፉት ምልክቶች አንዱ ወይም ሌላው ይገጥመዋል። ማብራሪያው QGIS ለሚጠቀሙ የተጻፈ ቢሆንም መንስኤዎቹ በየትኛውም ፕሮግራም ያው ናቸው።

ምልክት፦ የስፋቱ ቁጥር ከዜሮ ብዙም አይርቅም

አንድ ሄክታር የሆነ ማሳ 0.0000008 ተብሎ ከተመዘገበ የተለካው በካሬ ሜትር ሳይሆን በካሬ ዲግሪ ነው። መረጃው በ`EPSG:4326`፣ ማለትም በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ ተቀምጧል ማለት ነው። መፍትሄው `Reproject layer` በሚባለው መሣሪያ ወደ ሜትር መቀየር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው `Set Layer CRS` የሚለውን ይጫንና ነገሩን ያባብሰዋል። ይህ ትእዛዝ ቁጥሮቹን አይቀይርም፤ ስማቸውን ብቻ ይለውጣል። ዲግሪዎቹ በዩቲኤም ዞን 37 ሜትር ናቸው ተብለው ከተሰየሙ፣ ኢትዮጵያ በሙሉ 15 ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ነጥብ ሆና በምዕራብ ኬንያ፣ ከኪሱሙ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በምድር ወገብ ላይ ትገኛለች። ማሳዎችዎን እዚያ ካገኟቸው መንስኤው ይኸው ነው።

ምልክት፦ ሁሉም ማሳ ከሰነዱ ይበልጣል፤ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥርም ልዩነቱ ይሰፋል

ማሳዎቹ በሳተላይት ምስል ላይ ሲሳሉ ፋይሉ የምስሉን ሥርዓት፣ `EPSG:3857` የሚባለውን ዌብ መርካቶር ይዞ ቀርቷል። ይህ ሥርዓት የተሠራው ካርታን በስክሪን ለማሳየት እንጂ ለመለካት አይደለም። ጎዴ አካባቢ ስፋትን 1.8 በመቶ ያህል፣ ቢሾፍቱ 3 በመቶ፣ ሑመራ ደግሞ 7 በመቶ ገደማ ያጋንናል። ስሕተቱ በኬክሮስ ብቻ የሚወሰን ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን እያደገ ከመጣ ሌላ መንስኤ መፈለግ አያስፈልግም።

ምልክት፦ መሀሉ ይገጥማል፤ ምዕራቡና ምሥራቁ ግን በግማሽ በመቶ ይበልጣሉ

ይህ ከሁሉም ስውሩ ነው፤ ቁጥሮቹ ትክክል ስለሚመስሉ ማንም አይጠረጥራቸውም። መንስኤው መላ አገሪቱን በአንድ ዞን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ`EPSG:32637`፣ መለካት ነው።

የዞን 37 ማዕከላዊ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ነው። በዚህ መስመር ላይ ዩቲኤም ርቀትን ሆን ብሎ በ0.9996 አባዝቶ ያሳንሳል፤ ከመስመሩ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ሲርቁ መጠኑ ትክክለኛ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እየተለጠጠ ይሄዳል። ዞኑ የተሠራው ከመስመሩ ግራና ቀኝ 3 ዲግሪ ብቻ እንዲሸፍን ነው፤ ጋምቤላና ጎዴ ግን ከመስመሩ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ስፋት የሁለት ርዝመቶች ብዜት ስለሆነ የርዝመት ስሕተቱ በእጥፍ ይታያል።

በእውነተኛ ስፋቱ 1,000 ሄክታር የሆነ እርሻ በየቦታው ቢኖር፣ በዞን 37 ሲለካ ቢሾፍቱ አጠገብ 999.2 ሄክታር፣ ጋምቤላ 1,005 ሄክታር፣ ጎዴ ደግሞ 1,005.5 ሄክታር ይሆናል። ስለዚህ ኪራይ ወይም የምርት ግምት በሄክታር ሲሰላ፣ የጎዴው እርሻ ከቢሾፍቱው ጋር ሲነጻጸር በማያውቀው 6 ሄክታር ይበልጣል።

አንዱ መፍትሄ እያንዳንዱን ማሳ በራሱ ዞን መለካት ነው። የጋምቤላው በዞን 36 ሲለካ ወደ 999.96፣ የጎዴው በዞን 38 ወደ 999.8 ሄክታር ይመለሳል። ለአንድ ወረዳ ሥራ ይህ ይበቃል፤ ለአገር አቀፍ ድምር ግን አልመክረውም። የዞን 37 እና 38 ድንበር የሆነው 42ኛው ዲግሪ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያልፋልና፣ ጎረቤታሞቹ ከተሞች በሁለት ፋይል ይከፈላሉ። የሐረር ፋይል በስሕተት የዞን 37 ስም ከተሰጠው ደግሞ ማሳዎቹ 6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ዘለው ከነቀምቴ ባሻገር ያርፋሉ፤ ሆኖም ስፋታቸው አይለወጥም። የስፋት ሠንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም፤ ካርታውን መክፈት ግድ ነው።

የተሻለው መፍትሄ ስፋትን በየትም ቦታ እኩል የሚጠብቅ ፕሮጀክሽን መምረጥ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለተዘረጋ አካባቢ የሚስማማው የአልበርስ ሾጣጣ ፕሮጀክሽን ነው፤ ቅርጽን የሚያዛባው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲኬድ እንጂ ወደ ጎን ሲኬድ አይደለምና። በሁለት መደበኛ ኬክሮሶች ይወሰናል፤ የተለመደው አመራረጥ ከአካባቢው ጫፎች የቁመቱን አንድ ስድስተኛ ወደ ውስጥ መግባት ነው። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ኬክሮስ ብንላት ቁመቱ 12፣ አንድ ስድስተኛው 2 ስለሆነ፣ 5 እና 13 ዲግሪ ይሆናሉ። በ`Settings > Custom Projections` ውስጥ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

```
+proj=aea +lat_1=5 +lat_2=13 +lat_0=9 +lon_0=40
+x_0=0 +y_0=0 +datum=WGS84 +units=m +no_defs
```

ሲገባ በአንድ መስመር ይሁን። ለመላው አፍሪካ የተዘጋጀው አልበርስ፣ `ESRI:102022`፣ ስፋትን በዚያው ትክክለኛነት ይሰጣል፤ ነገር ግን በእኛ ኬክሮስ የምሥራቅ–ምዕራብ ርዝመትን 5 በመቶ ገደማ ያጠብባል። ከላይ ያለው የሚያዛባው 0.3 በመቶ አካባቢ ነው። ቢሆንም የአጥር ርዝመትን ወይም የመሬት ይዞታ ካርታን በዚህ አይሥሩ፤ ለእነርሱ የየዞኑ ዩቲኤም ይሻላል።

ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ በ`Field Calculator` ሁለት ዓምዶች ያስሉ፦

```
area($geometry) / 10000
$area / 10000
```

የመጀመሪያው ፋይሉ በያዘው ፕሮጀክሽን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ይለካል። ሁለተኛው በፕሮጀክቱ መቼት የምድር ኢሊፕሶይድ ከተመረጠና የስፋት አሃዱ ካሬ ሜትር ከሆነ በኢሊፕሶይዱ ላይ ይለካል። በአልበርስ ሁለቱ ዓምዶች ይገጥማሉ፤ በዞን 37 ከሆነ የጎዴው ማሳ ላይ የግማሽ በመቶው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምልክት፦ ሁሉም ተስተካክሎ ልዩነቱ አሁንም አለ

ከዚህ በኋላ ፕሮጀክሽኑን መውቀስ ይቁም። ፋይሉ የቆየ የካርታ መነሻ ሥርዓት በሆነው በአድንዳን ዳተም ከሆነ ማሳው ከ100 ሜትር በላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ስፋቱ ግን ለሥራ በሚታይ መጠን አይለወጥም። 50 በ50 ሜትር በሆነ ማሳ ላይ የጂፒኤስ ተሸካሚው ዙሪያውን 1 ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ቢዞር 204 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 8 በመቶ ይጨመራል፤ ከየትኛውም ዞን ስሕተት በብዙ ይበልጣል።

በደጋው አገር ደግሞ ገበሬው በገመድ የለካው ከካርታው ይበልጣል። ገመዱ ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ካርታው ግን አግድሙን ብቻ ይይዛል። ተዳፋቱ 30 በመቶ ከሆነ የገመዱ ስፋት በ4.4 በመቶ ይበልጣል። ሁለቱም ልኬቶች ትክክል ስለሆኑ የሚታረም ነገር የለም፤ በሰነዱ ላይ የትኛው እንደተጻፈ መግለጽ ብቻ ነው የሚቀረው።