የፔኒሲሊን አንቀጾችን ወደ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ እንዴት መለወጥ ይቻላል?

በፋርማኮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ ስለ አንድ አንቲባዮቲክ የሚነገረው ነገር በየቦታው ተበታትኖ ይገኛል። የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች በአንድ አንቀጽ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከሁለት ገጽ በኋላ፣ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚላመዱበት መንገድ ደግሞ በምዕራፉ መግቢያ ላይ ለሁሉም በአንድነት ይጻፋል። ይህን ሰብስቦ ምድብ፣ የሚሸፍናቸው ባክቴሪያዎች፣ የጎንዮሽ ጉዳት እና መላመድ በሚሉ አራት ዓምዶች መደርደር ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር ያለቦታው ከገባ ሠንጠረዡ ራሱ ስሕተት ያስተምራል።

ሐዋሳ የፋርማሲ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ሠርተን በማደሪያችን ግድግዳ ላይ የለጠፍነው የመጀመሪያው ሠንጠረዥ እንዲህ ያለ ነበር። “ፔኒሲሊን” ለሚለው አንድ ረድፍ ብቻ ሰጥተን፣ በመላመድ ዓምድ ሥር መድኃኒቱን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስም፣ “ቤታ ላክታሜዝ” ብለን አልፈናል። ከእኛ በሁለት ዓመት የሚቀድም ተማሪ አይቶት፣ “እንግዲያው ሜቲሲሊንን ለተላመደው ስታፊሎኮከስ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር ልትሰጡ ነው?” ሲል ጠየቀን። ክላቩላኔት ቤታ ላክታሜዝን ስለሚያግድ፣ በሠንጠረዣችን መሠረት መልሱ “አዎ” ነበር፤ ትክክለኛው መልስ ግን “አይሆንም” ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አሠራር በዚሁ የፔኒሲሊን ምሳሌ አሳያለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ረድፎቹን መወሰን ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በአጠቃላይ የሚከተለውን ሐሳብ የያዘ አንቀጽ አለ እንበል፦ ፔኒሲሊኖች የባክቴሪያን የሴል ግድግዳ የሚገነቡትን ፕሮቲኖች ይዘው ሥራ ያስፈታሉ። ቤንዚል ፔኒሲሊን ስትሬፕቶኮከስንና የቂጥኝን ባክቴሪያ ይገድላል። ዛሬ አብዛኞቹ የስታፊሎኮከስ ዝርያዎች ፔኒሲሊኔዝ የተባለውን ቤታ ላክታሜዝ እያመነጩ ያፈርሱታል። ክሎክሳሲሊንን ይህ ኢንዛይም አያፈርሰውም፣ ሆኖም መድኃኒቱ ግራም ኔጋቲቮችን አይሸፍንም። አሞክሲሲሊን ወደ አንዳንድ ግራም ኔጋቲቮች ይደርሳል፣ ኢንዛይሙ ግን ያፈርሰዋል። ማይኮፕላዝማ የሴል ግድግዳ ስለሌለው በየትኛውም አይሞትም። አለርጂ ለሁሉም የሚያሰጋ ነው።

እዚህ ላይ “ሆኖም” እና “ግን” የሚሉትን ቃላት ያስምሩባቸው፤ መድኃኒቶቹ የሚለያዩት በእነዚህ ቃላት አካባቢ ነውና። ሁለት መድኃኒቶች በሚሸፍኑት ባክቴሪያ ወይም በመላመዱ መንገድ ከተለያዩ፣ የአንድ ምድብ አባላት ቢሆኑም የየራሳቸው ረድፍ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ከዚህ አንቀጽ የሚወጣው አንድ ረድፍ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ክላቩላኔት የተጨመረበትን አሞክሲሲሊን ስናስገባ አራት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ሥራ፣ ማለትም በሽፋንና በመላመድ ዓምዶች መካከል ድንበር በማበጀት ላይ ነው። “አይሠራም” የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉ ስለ መላመድ የተነገረ አይደለም። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የሌለው በተፈጥሮው ስለሆነ መድኃኒቱ ሊያጠቃው የሚችለው ነገር ከመጀመሪያው አልነበረም፤ ይህ ቦታው ሽፋን የሚለው ዓምድ ሥር፣ “አይሸፍንም” ከሚለው ቃል ጎን ነው። ስታፊሎኮከስ ግን ፔኒሲሊን ሥራ ላይ ሲውል በአብዛኛው ይሞት የነበረና በኋላ መከላከያውን ያስፋፋ ባክቴሪያ ስለሆነ በመላመድ ዓምድ ይገባል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር “ይህ ባክቴሪያ ቀድሞ በዚህ መድኃኒት ይሞት ነበር?” ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ “አዎ” ከሆነ ወደ መላመድ፣ “አይደለም” ከሆነ ወደ ሽፋን ይሄዳል። ይኸው ጥያቄ ከፔኒሲሊን ውጭም ይሠራል፦ ሴፍትሪያክሶን ኢንትሮኮከስን የማይገድለው በተፈጥሮ ነው፤ አንዳንድ ኢ. ኮላይዎችን የማይገድለው ግን እነርሱ ሰፊ አቅም ያለው ቤታ ላክታሜዝ ስላገኙ ነው።

በመላመድ ዓምድ ውስጥ የኢንዛይሙን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም። የትኛው ባክቴሪያ፣ በምን መንገድ እንደተላመደና ያንን መንገድ የሚያልፍ መድኃኒት መኖር አለመኖሩ ሦስቱም ሊሰፍሩ ይገባል። የእኛ ስሕተት ከዚህ የመጣ ነበር። በ1961 በብሪታንያ የተዘገበው፣ እንደ ክሎክሳሲሊን ፔኒሲሊኔዝን የሚቋቋመውን ሜቲሲሊንን የተላመደ ስታፍ የሚያመልጠው መድኃኒቱን በማፍረስ ሳይሆን፣ መድኃኒቱ በደንብ የማይዘውን ሌላ የግድግዳ ገንቢ ፕሮቲን በማምረት ነው። ክላቩላኔት የሚያግደው ኢንዛይምን ስለሆነ እዚህ ምንም አይፈይድም። ፔኒሲሊንን የተላመደው ኒሞኮከስም የሚያመልጠው ፕሮቲኑን በመለወጥ ስለሆነ ክላቩላኔት መጨመር አይጠቅምም፤ ነገር ግን የእርሱ መላመድ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር በመሆኑ፣ የአሞክሲሲሊንን መጠን ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል። “ማፍረስ” እና “ፕሮቲን መለወጥ” የሚሉትን በሁለት የተለያዩ ቀለሞች ብትጽፉ ይህ ልዩነት ወዲያው ይታያል።

የጎንዮሽ ጉዳት ቀለል ይላል። ለምድቡ በሙሉ የሚሆነውን አለርጂ በእያንዳንዱ ረድፍ ከመደጋገም ይልቅ ከሠንጠረዡ በላይ አንድ ጊዜ ጽፎ፣ በረድፎቹ ውስጥ የየመድኃኒቱን ልዩ ጉዳት ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል። “አልፎ አልፎ” እና “ብዙ ጊዜ” የሚሉት ቃላት ግን መቅረት የለባቸውም፤ ያለ እነርሱ ተቅማጥና የጉበት ጉዳት እኩል የተለመዱ ይመስላሉ።

በዚህ መንገድ አንቀጹ፣ ከምዕራፉ ሌሎች ገጾች ከተለቀሙት ጋር፣ ወደሚከተለው ይለወጣል።

ለሁሉም ፔኒሲሊኖች፦ አለርጂ (ሽፍታ፤ አልፎ አልፎ ለሕይወት የሚያሰጋ)። ማይኮፕላዝማን አይሸፍኑም።

| መድኃኒትና ንዑስ ምድብ | የሚሸፍነው / የማይሸፍነው | ልዩ የጎንዮሽ ጉዳት | መላመድ |
|---|---|---|---|
| ቤንዚል ፔኒሲሊን (ተፈጥሯዊ) | ስትሬፕቶኮከስ፣ ቂጥኝ / አብዛኞቹን የአንጀት ግራም ኔጋቲቮች አይሸፍንም | በቂጥኝ ሕክምና መጀመሪያ ትኩሳት | ስታፍ ያፈርሰዋል፤ ክሎክሳሲሊን ያልፋል |
| ክሎክሳሲሊን (ፔኒሲሊኔዝን የሚቋቋም) | ስታፍ፣ ስትሬፕቶኮከስ / ግራም ኔጋቲቮችን አይሸፍንም | በደም ሥር ሲሰጥ የደም ሥር መቆጣት | ስታፍ ፕሮቲን ይለውጣል፤ ክላቩላኔት አይረዳም |
| አሞክሲሲሊን (ሽፋኑ ሰፋ ያለ) | ስትሬፕቶኮከስ፣ አንዳንድ ግራም ኔጋቲቮች / ሱዶሞናስን አይሸፍንም | ተቅማጥ | ስታፍና ኢ. ኮላይ ያፈርሱታል፤ ክላቩላኔት ብዙ ጊዜ ይረዳል። ኒሞኮከስ ፕሮቲን ይለውጣል፤ ክላቩላኔት አይረዳም |
| አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር | ከላይ ያለው፣ በተጨማሪ ኢንዛይም የሚያመነጭ ስታፍ / ሱዶሞናስን አይሸፍንም | ተቅማጥ ብዙ ጊዜ፤ የጉበት ጉዳት አልፎ አልፎ | ስታፍና ኒሞኮከስ ፕሮቲን ይለውጣሉ |

በቤንዚል ፔኒሲሊን ረድፍ ያለው ትኩሳት ከሚሞቱት ባክቴሪያዎች የሚመጣ እንጂ አለርጂ ስላልሆነ፣ በልዩ ጉዳት ሥር እንዲቀመጥ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ ለታካሚው “ፔኒሲሊን አይስማማህም” ብሎ ሊመዘግብበት ይችላል።

ከመቶ ይህን ያህሉ ተላምደዋል የሚሉ አኃዞችን ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባም። እነዚህ ከአገር አገር፣ ከሆስፒታል ሆስፒታልም ስለሚለያዩ፣ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ አኃዝ ሐዋሳ ላሉ ታካሚዎች ላይሠራ ይችላል። የግድ ካስፈለገ ከነቦታውና ከነዓመቱ ከሠንጠረዡ በታች ይጻፍ።

ሥራው ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግታችሁ ከእያንዳንዱ ረድፍ አንቀጹን መልሳችሁ ለመጻፍ ሞክሩ፤ ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያዩት። በመጀመሪያው ሠንጠረዣችን ይህን ብናደርግ ኖሮ፣ ክሎክሳሲሊን ለምን እንደተፈለሰፈ የሚገልጸውን ዓረፍተ ነገር ከአንድ ረድፍ ብቻ መልሰን መጻፍ ያቅተን ነበር፤ ስሕተታችንም ያኔውኑ ይታየን ነበር።