ሐሳብ ሲነጥፍ ጥያቄውን ገልብጡት

ለምርታችሁ አዲስ ሐሳብ አልመጣ ካለ "እንዴት እናሻሽለው?" የሚለውን ተዉትና "እንዴት እናበላሸው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ በሞተር የምታደርሱ ከሆነ፣ ደንበኛው እንዲማረር ምን እናድርግ? 10 ደቂቃ ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ። "እናዘግይበት" የሚል መምጣቱ አይቀርም፤ ሲገለበጥ ግን "እናፍጥን" ከማለት አያልፍም፣ እለፉት። "ባዘዘ ቁጥር ቤቱን በስልክ እንደ አዲስ እናስጠቁመው" የሚለው ላይ ቆም በሉ። ቤት የሚገኘው በምልክት ስለሆነ ይሄ አሁንም በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። ገልብጡት፦ ደንበኛው "ከፋርማሲው ጎን፣ አረንጓዴው በር" ብሎ አንዴ በድምፁ ይቅዳ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሞተረኛ ሁሉ ያንኑ ይስማ። ከዝርዝሩ ቀድማችሁ አንሱ የምላችሁም እንዲህ ሳይታወቃችሁ እያደረጋችሁት ያለውን ነው።